ለታመሙት ሸኻችን የጻፍናቸው ሁለት ደብዳቤዎች

(በምሥራቅ ጎጃም ለመስጊድ ኮሚቴ አባላትና ለጀመዓ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ጭቃውን ችላችሁ ስለመጣችሁ አላህ ይቀበላችሁ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ አንዲት ትንሽ ወረቀት ነው። ሸኽ ወይም ኢማም ሲታመም መላው ጀመዓ ሆኖ «አላህ ያሽርዎት» ብሎ ስለሚልካት ወረቀት። ብዙዎቻችሁ የኮሚቴ ጸሐፊዎች ናችሁ፤ ነገሩ አንድ ቀን በእጃችሁ መግባቱ አይቀርም። እኔም ጸሐፊ ነኝ፤ በሙያዬ ደግሞ የአማርኛ መምህር። ለአንድ ሸኽ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ጎዳቸው። ሁለተኛው ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ያሰብነውን አደረሰልን። ልነግራችሁ የመጣሁት በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

የሸኻችንን ስምም ሕመማቸውንም አልናገርም። ስማቸውን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሕመማቸው ግን የእሳቸውና የቤተሰባቸው ነው። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

የዛሬ አራት ዓመት በጥር ወር ታመው ባሕር ዳር ተወሰዱና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ጀመዓው ተጨነቀ። ኮሚቴው ተሰብስቦ «መምህሩ ይጻፍ» አለኝ። እኔም ማታ ኩራዝ ለኩሼ፣ መብራት ጠፍቶ ነበርና፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ከፊሉን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። «ሸኻችን ሆይ፣ ከእርስዎ መለየት ጨለማ ሆኖብናል። ሚሕራቡ ባዶውን ቀርቷል። ልጆቹ እረኛ እንደሌለው መንጋ ተበትነዋል። ጁምዓ ስንገናኝ ከቃላችን እንባችን ይቀድማል። ቶሎ ካልመጡልን ምን ይውጠናል?» ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቆሜ ሳነበው ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሕመማቸውንም በስሙ ጠርቼ ጽፌው ነበርና፣ የማያውቀው ሁሉ ያን ቀን አወቀ። ከዚያ በፖስታ አሽገን ላክነው።

ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳያነሡ፣ ብዙ እንዳያጎነብሱ አዟቸው ነበር። በ11ኛው ቀን፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ሸኻችን ለልጆቻቸው እንኳ ሳይነግሩ ሚኒባስ ተሳፍረው መጡ። ያን ጊዜ እኛ የተሰማን ደስታ ብቻ ነበር። ሚንበሩ ላይ ወጡ፤ ኹጥባ አደረጉ፤ ከዚያ ሚሕራቡ ገብተው አሰገዱ። በሁለተኛው ረከዐ ከሱጁድ ሲነሡ ዘገዩ። እኔ በመጀመሪያው ሰፍ ላይ ነበርኩ። ካሰላመቱ በኋላ ወደ እኛ ዞሩ፤ ነጩ ጀለቢያቸው ከወገባቸው በታች ቀልቶ ነበር። ስፌቱ ተከፍቷል። ያን ዕለት ማታ መልሰን ወሰድናቸው፤ እንደገና ሦስት ሳምንት ተኙ።

ባለቤታቸውን ልጠይቅ ስሄድ ቡና አፍልተው አስቀመጡኝና፣ «ልጄ፣ ያችን ወረቀት ማን ጻፋት?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ሌሊቱን ሁሉ ‹ልጆቹ ተበትነዋል፣ ልጆቹ ተበትነዋል› እያሉ ሲገላበጡ ነው ያደሩት» አሉኝ። ከዚህ በላይ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ አልተበተኑም ነበር። አንድም ቀን አልተበተኑም። የሸኻችን ደረሳ የሆነው ወጣት በየማለዳው ያስቀራቸው ነበር። ሚሕራቡም ባዶ አልቀረም፤ አምስቱም ወቅት በሰዓቱ ይሰገድ ነበር። እኔ «ተበትነዋል» ያልኩት ለአማርኛው ማማር ነው። ፍቅራችንን ለመግለጽ ብዬ ውሸት ጻፍኩ፤ የታመመ ሰው ደግሞ ያገኘውን ቃል ሁሉ እንዳለ ነው የሚቀበለው።

ከዚያ በኋላ ሸኻችን ድነው ሲመለሱ አፉ በሉኝ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና «ተወው» አሉኝ። አንድ ነገር ግን ደገሙልኝ፤ ብዙ ጊዜ የሰማነውን ሐዲስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ወጥተው ማሰገድ ቢያቅታቸው «አቡ በክርን እዘዙት፤ ሰዎቹን ያሰግድ» አሉ። ከዚያ ሰኞ ዕለት በፈጅር ሶላት ላይ የዓኢሻን (ረ.ዐ) ክፍል መጋረጃ ገለጥ አደረጉ። ሰዎቹ ከአቡ በክር ኋላ ሰፍ ሠርተው ቆመዋል። አዩአቸውና ፈገግ አሉ። ሶሓቦቹ ከደስታ ብዛት ሶላታቸውን ሊያቋርጡ ምንም አልቀራቸው፤ አቡ በክርም ሊያሰግዱ የሚወጡ መስሎት ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ሲል፣ በእጃቸው «ሶላታችሁን ጨርሱ» ብለው ጠቆሙና መጋረጃውን መልሰው ለቀቁት። ይህን ያወራልን አነስ (ረ.ዐ) ነው። በዚያው ዕለት ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ሸኻችን ይህን ከነገሩኝ በኋላ፣ «እሳቸውን ፈገግ ያሰኛቸው ምን ይመስልሃል? የሚያለቅስ ሰው አላዩም፤ የተስተካከለ ሰፍ ነው ያዩት» አሉኝ። እኔ ደብዳቤ መጻፍ የተማርኩት ያኔ ነው። የታመመ ሸኽ አልጋው ላይ ሆኖ መጋረጃውን መግለጥ አይችልም። የጀመዓው ደብዳቤ ሥራው ያንን መጋረጃ ለእሱ መግለጥ ነው።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ እንደገና ታመሙ፤ እንደገና ባሕር ዳር፣ እንደገና ቀዶ ሕክምና። ኮሚቴው እንደገና «መምህሩ ይጻፍ» አለ። አሁን ግን ብዕር ከማንሣቴ በፊት አስታማሚ ሆኖ ወደ ሄደው የበኩር ልጃቸው ደወልኩ። ሦስት ነገር ጠየቅሁት። አንደኛ፣ ስለ ሕመማቸው ምን እንድንናገር፣ ምን እንዳንናገር ትፈልጋላችሁ? ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ስንት ጊዜ እረፍት አለ? ሦስተኛ፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጡ የሚያነሡት ምንድን ነው?

በሦስተኛው ጥያቄ ልጁ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ዘረዘረልኝ። ጤፉ። ሐምሌ ላይ ሁለት ማሳ ዘርተው ነው የታመሙት፤ አሁን የአረም ጊዜ ነው፤ ከእሳቸውና ከልጁ ሌላ የሚያርም የለም። ቀጥሎ የቂርኣት ልጆቹ፤ ዐምማን ሊጨርሱ ጥቂት ሱራ ሲቀራቸው ነው ያቋረጡት። ሌላው ደግሞ በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች፤ ሸኻችንና ጎረቤታቸው ቄስ አብረው ሽማግሌ ሆነው የያዙት ጉዳይ ነው፤ ቀጠሮው የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ነበር። በጎጃም የድንበር ነገር ምን እንደሚያመጣ እናንተ ታውቃላችሁ። ሸኻችን በሕመማቸው ላይ ሆነው ደም እንዳይፈስ ይፈሩ ነበር። በመጨረሻም ጁምዓ። «ስንት ጁምዓ አመለጠኝ» እያሉ ይቆጥራሉ አለኝ።

ልብ በሉ፣ ከእነዚህ ውስጥ አንዱም «አይዞዎት» በሚል ቃል አይነሣም። ስለዚህ ደብዳቤው ሁለት ቀን ይቆይ አልን። መጀመሪያ ሥራው ይሠራ። እሑድ ወጣቶቹ ደቦ ወጡ፤ የታችኛውን ማሳ አርመው ጨረሱ፤ የላይኛውን ዝናብ አቋረጣቸውና ግማሹ ቀረ። ደረሳው የሱራዎቹን ቅሪት ከልጆቹ ጋር ጨረሰ። እኔና ሁለት ሽማግሌዎች ቄሱ ቤት ሄድን፤ ቄሱ ሁለቱን ወንድማማቾች ራሳቸው ጠርተው አናገሩልን። ድንበሩን ሳይነኩ ሸኹ እስኪሻላቸው ሊጠብቁ በፊታችን ቃል ገቡ። ነገሩ አልተፈታም፤ ግን አልከረረም። ከዚህ በኋላ ነው ወረቀት ያወጣሁት፤ አሁን የምጽፈው እውነት አለኝ።

ዱዓውን በተመለከተ ብዙ ሐሳብ ተሰጥቶ ነበር። አንዱ «ሕመም ወንጀል እንደሚያብስ እንጻፍላቸው» አለ። እውነት ነው፤ ሙስሊም እሾህ ቢወጋው እንኳ በእሱ ሰበብ ወንጀሉ እንደሚራገፍለት ተነግሮናል። ነገር ግን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ስፌት ላይ ለተኛ ሸኽ ተማሪው ከሩቅ ሆኖ ስለ ሰብር ትምህርት ሲሰጥ አያምርም። እኔ ያሰብኩት የሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስን (ረ.ዐ) ሁኔታ ነው። ሰዕድ በመካ በጠና ታመመ። ጭንቀቱ ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ትቶት በተሰደደው አገር ሞቶ ሂጅራው እንዳይጎድልበት ፈርቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቁት ሲገቡ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አኖሩ፤ ፊቱንና ሆዱን ዳበሱት፤ ከዚያ «አላህ ሆይ፣ ሰዕድን አሽረው፤ ሂጅራውንም ሙላለት» አሉ። ዱዓው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ለአካሉ ነው፤ ሁለተኛው ሰዕድ በልቡ ይዞት ለነበረው ፍርሃት ነው። ሰዕድ የዚያ እጅ ቅዝቃዜ ዘመኑን ሁሉ ይሰማው እንደነበረ ተናግሯል፤ ከዚያም ድኖ ብዙ ዓመት ኖሯል።

እኛም ለሸኻችን ሁለተኛውን ክፍል ፈለግን። የእሳቸው ፍርሃት የሚያመልጣቸው ጁምዓ ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን ሐዲስ ደግሞ አለ፤ ባሪያ ሲታመም ወይም ሲጓዝ፣ ጤነኛና አገሩ ተቀማጭ ሆኖ ይሠራው የነበረው ሁሉ ይጻፍለታል። ከብዙው ይህን አንዱን መረጥን፤ የጻፍነውም እያስተማርናቸው አይደለም፣ «ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» ብለን ነው።

አሁን የተላከውን ላንብብላችሁ። ከቤተሰቡ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

«ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ለክቡር ሸኻችን፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ላ በእስ፣ ጠሁሩን ኢንሻአላህ።

እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። ሶላቱ በሰዓቱ ይሰገዳል። ጁምዓ ኹጥባውን ያደረገው እርስዎ ያስቀሩት ደረሳዎ ነው፤ ሰፉ እስከ በሩ ሞልቶ ነበር። ልጆቹ ዐምማን ጨርሰው ተባረክ ገብተዋል፤ ለውሓቸውን አጥበው አዲሱን ጽፈዋል። የታችኛው ማሳ ጤፍ እሑድ በደቦ ታርሟል። የላይኛው ግማሹ ቀርቷል፤ እሱም በዚህ ሳምንት ይታረማል። ሁለቱ ወንድማማቾች ድንበሩን ሳይነኩ እርስዎ እስኪሻልዎ ሊጠብቁ ቃል ገብተዋል። ጎረቤትዎ ቄሱም ‹እግዜር ይማርዎት በሉልኝ› ብለዋል።

ባሪያ ሲታመም፣ በጤናው ይሠራው የነበረው ሁሉ ይጻፍለታል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ በየጁምዓው ከኛ ጋር ሰፉ ውስጥ አሉ። ከሶላት በኋላ ሁላችንም ሰባት ጊዜ እንዲህ ብለናል፦ አስአሉላሀል ዐዚም፣ ረበል ዐርሺል ዐዚም፣ አን የሽፊየክ።

ይረፉልን። ሐኪሙ ይበቃል እስኪልዎት አይቸኩሉ። መልስ እንዲጽፉልን አንጠብቅም። አላህ አፊያዎን ሙሉ አድርጎ ይመልስልዎት።

የሚወድዎት መላው ጀመዓ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ትልቁም ትንሹም።»

ይኸው ነው። ግማሽ ገጽ ሆነ፤ በትልልቅ ፊደል ስለጻፍኩት ገጹን ሞላው። ሰዓት ይዤ ቀስ ብዬ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ይህን ያደረግሁት ደብዳቤውን የሚያነቡት እሳቸው እንዳልሆኑ ስለማውቅ ነው። መነጽራቸው ቤት ቀርቷል፤ ሰመመን ገና አለቀቃቸውም፤ ልጃቸው ጆሯቸው ሥር ሆኖ ነው የሚያነብላቸው። የመጀመሪያው የሁለት ገጽ ደብዳቤዬ ለቆመ ጤነኛ ሰው የተጻፈ ነበር። ለታመመ ሰው አጭር ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል፤ እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ ከየትም ቢቀጥል የሚገባው።

ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል፤ ሙያዬ ነውና ታገሡኝ። «ቶሎ ይምጡልን» የሚለውን አውጥቼ «ይረፉልን» አደረግሁት። «ቶሎ» የምትለዋን ቃል በሕመምተኛ ደብዳቤ ውስጥ ካያችሁ ሰርዟት፤ ፍቅር ትመስላለች፣ ግን ቀጠሮ ናት። «ላ በእስ፣ ጠሁሩን ኢንሻአላህ» ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሽተኛ ሲጠይቁ ይሉት የነበረ ነው፤ «ምንም አይደል፣ አላህ ከፈቀደ ማጥሪያ ነው» ማለት ነው፤ ለሸኽ መተርጎም ስላላስፈለገ እንዳለ ተውኩት። የሰባት ጊዜውን ዱዓ በተመለከተ ደረሳው አንድ ነገር አረመኝ። መስጊድ ውስጥ እሳቸው በሌሉበት ስንል «የሽፊየሁ»፣ «እሱን እንዲያሽርልን» እንላለን። ደብዳቤው ላይ ግን ልጃቸው ፊታቸው ሆኖ ስለሚያነበው «የሽፊየክ»፣ «አንተን እንዲያሽርህ» መሆን አለበት። አንዲት ፊደል ናት፤ ለሸኽ ጆሮ ግን ትልቅ ናት።

«የላይኛው ግማሹ ቀርቷል» የሚለውን አንዳንዶች አውጣው ብለውኝ ነበር። ለምን እናሳስባቸዋለን አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። ሁሉም አለቀ ብንላቸው ገበሬ ናቸውና አያምኑንም፤ በነሐሴ ዝናብ በአንድ እሑድ ሁለት ማሳ ጤፍ እንደማይታረም ያውቃሉ። የቀረውን ስንነግራቸው የተሠራውን ያምናሉ።

የስም ዝርዝር ጉዳይም ክርክር አስነሥቶ ነበር። አንድ ደግ ነጋዴ ወንድማችን ለሕክምናው ያዋጡት ሰዎች ስም ከነገንዘቡ በደብዳቤው ግርጌ ይጻፍ አለ። ሐሳቡ ከክፋት አይደለም፤ ሰው እንዲበረታታ ፈልጎ ነው። እኔ ግን፣ ያላዋጣች አንዲት ድኻ አሮጊት አለች፣ ሌሊት ተነሥታ ዱዓ የምታደርግላቸው፤ ስሟ ሳይኖር ይህ የመላው ጀመዓ ደብዳቤ እንዴት ይባላል አልኩት። ገንዘቡ በሌላ ቀን፣ በሌላ እጅ፣ ለልጃቸው በዝምታ ተሰጠ። ገንዘብ ያለበት ደብዳቤ አመስግኑ የሚል ደብዳቤ ይሆናል፤ እኛ ደግሞ መልስ አንጠብቅም ብለናቸዋል።

ሕመማቸውም እንደምታዩት በደብዳቤው ውስጥ የለም። ሕዝብ ፊትም አላነበብነውም። ኮሚቴው ብቻ አየው፤ ጀመዓው የሰማው «ደብዳቤ ልከናል፣ እንዲህ እንዲህ ብለናል» የሚለውን ነው። ከአራት ዓመት በፊት ልጃቸው ገበያ ላይ ስለ አባቷ ሕመም ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ እንደሄደች በኋላ ነው የሰማሁት።

ወጣቶቻችን ደግሞ በስልክ ድምፅ ቀድተው ነበር፤ ሠላሳ ልጅ በየተራ ሰላምታ ይላል፤ 11 ደቂቃ። ልብ የሚነካ ነው። ግን ሸኻችን የተኙበት ክፍል ስድስት አልጋ አለው፤ አጠገባቸው ያለው ሰው ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ነው። ያንን ድምፅ አልላክነውም፤ አስቀመጥነው፤ ቤታቸው ሲገቡ ሰሙት። የእናንተም ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ቢያዘጋጁ አትከልክሏቸው፤ ጊዜውን ብቻ ምረጡለት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ እሱ ብዙ ባልናገር እመርጣለሁ፣ ግን ሳልናገር ብቀር ያጠፋሁ ይመስለኛል። ሁሉም ሕመም የሚሽር አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት ሌላ ሸኽ፣ የእኛ ጎረቤት ጀመዓ ኢማም፣ ሐኪሞቹ ወደ ቤታቸው መለሷቸው። የኮሚቴያቸው ጸሐፊ ደብዳቤ ጽፎ ለእኔ አሳየኝ፤ «ድነው ሚሕራቡ ላይ እናይዎታለን» ይላል። ልጆቻቸውን ጠየቅን፤ ሸኹ ራሳቸው ሁሉንም እንደሚያውቁ ነገሩን። አላህ የሻውን ማድረግ አይሳነውምና የሽፋ ዱዓን አናቋርጥም፤ ነገር ግን የሚያውቁትን እንደማያውቁ አድርገን ብንጽፍላቸው ብቻቸውን እንተዋቸዋለን። ጸሐፊው ደብዳቤውን ቀደደውና አምስት መስመር ጻፈ፤ ያስቀሯቸውን ሰዎች ብዛት፣ ያስታረቋቸውን፣ «ሐቃችንን አውፍ ብለናል፤ እርስዎም አውፍ ይበሉን» የሚለውን፣ አላህ እንዲያቀልላቸው የሚለምን ዱዓን። ያ ወረቀት ትራሳቸው ሥር ነበር።

ወደ ሸኻችን ልመለስ። ደብዳቤያችን በጠዋቱ ሚኒባስ ሄደ። ልጃቸው ሐኪሞቹ ዞረው ከጨረሱ በኋላ፣ ጠያቂ ሳይበዛ አነበበላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲጨርስ «የልጆቹን እንደገና» አሉት። ደገመላቸው። «ተባረክ ገቡ?» አሉ። «ገብተዋል ይላል» አላቸው። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «ያ ግማሹ የላይኛው ማሳ የወንዙ ወገን ነው ወይስ የመንገዱ?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው ወጥቶ ደወለልኝ። የወንዙ ወገን ነው አልኩት። «እሱ አረሙ አይከፋም» ብለው ተኙ አለኝ፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሳይነቁ አራት ሰዓት የተኙት ያን ዕለት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ መልእክት ላክን፤ ይህን ብዙ ጀመዓ ይረሳዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂ ይበዛል፤ በሦስተኛው ሳምንት አልጋው ዙሪያ ጭር ይላል፤ ሕመምተኛም የተረሳ ይመስለዋል። ሦስት መስመር ብቻ ነበረች። የላይኛው ማሳ ታርሞ አልቋል። ልጆቹ ሱረቱል ሙልክን በቃላቸው ይዘዋል። ይረፉልን።

ሸኻችን የመጡት በሰባተኛው ሳምንት ነው፤ ሐኪሙ ፈቅዶ። ዓርብ ነበር። ሁላችንም ወደ ሚሕራቡ እንዲገቡ መንገድ ለቀቅን። ደረሳው ከሚሕራቡ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ሸኻችን በእጃቸው «ቀጥል» ብለው ጠቆሙት። ከዚያ ልጃቸው ያመጣላቸውን ወንበር ሁለተኛው ሰፍ ላይ አስቀመጡና ከእኛ ጋር ተቀምጠው ሰገዱ።